መምህሩ ሲሄድ ማን ይቀድሳል?

«አጎቴ፣ ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ዌበር የአንድ ማኅበር መሥራች ሲሞት ጸጋው ወደ ሹመትና ወደ ሥርዓት ይለወጣል ይላል። በእኛ አገር ታሪክ ቢፈተን ያልፋል?»

የጠየቀችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሶሲዮሎጂ ትማራለች። ባሕር ዳር ወደብ ላይ የዘጌ ጀልባ እስኪሞላ ቁጭ ብለን ነበር። ጀልባው ቶሎ አልሞላም፣ እኔም ወሬ አይጠላኝም።

ግማሹን ያልፋል አልኳት። ዌበር ካሪዝማ የሚለውን ቃል የወሰደው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጸጋ ማለት ነው። ጸጋ ያለው ሰው ሲሞት ተከታዮቹ ይቸገራሉ። መብላት አለባቸው፣ ማን እንደሚያዝ መወሰን አለባቸው። ስለዚህ ኃይሉ ከሰውየው ተነቅሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ዌበር ለዚህ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው ክህነትን ነው። ቄሱ ደግ ሆነ ክፉ፣ የእጅ መጫን እስከተቀበለ ድረስ ይቀድሳል።

መፈተኛ ያደረግኩት የአባ ኤዎስጣቴዎስን ተከታዮች ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በዛሬዋ ኤርትራ ባለችው ሰራዬ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር፣ መነኩሴም ከገዢዎች ይራቅ ይሉ ነበር። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት ደግሞ የቅዳሜን ነገር የአይሁድ ልማድ ነው ብለው አይቀበሉም። በ1330ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ደቀ መዝሙራቸውን አባ አብሳዲን በቦታቸው ትተው ተሰደዱ። በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው አርመን ደረሱ፤ በ1352 እዚያው ዐረፉ። ልብ በይ፣ ማኅበሩ ያለ መምህር መኖርን የጀመረው ከሞታቸው ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። የዌበር ሰዓት ግን የሚቆጥረው ከሞት ጀምሮ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ዌበር ወደሚያሳየው ወንበር የሚወስደው መንገድ ለእነሱ ዝግ ነበር። ክህነት የሚሰጠው ጳጳሱ ብቻ ነው፣ ጳጳሱ ደግሞ ተቃዋሚያቸው ነው። አበምኔት መምረጥ ይችላሉ፤ አብሳዲም ገዳም መሥርተዋል። ግን ማን ይቀድሳል? ቀድሞ ካህን ሆኖ የተቀላቀላቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። ካህናቱ ሲያረጁ አዲስ ካህን ከየት ይምጣ? እንዲህ ያለ ማኅበር በአንድ ትውልድ ውስጥ መክሰም ነበረበት።

አልከሰመም። ያቆየው ቅዳሜ ነው ባይ ነኝ። ሰንበትን ለማክበር ቅባት አያስፈልግም፣ ጳጳስ አያስፈልግም፣ መምህሩም በሕይወት መኖር የለበትም። ማንም ገበሬ ቅዳሜ ቀን በሬውን ባለመጥመዱ የማን ወገን እንደሆነ ይታወቃል። የመምህሩ ጸጋ ሹመት ላይ ሳይሆን የሳምንቱ ቀን ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ሐይቃችንም ደርሷል። ከአርመን ከተመለሱት ደቀ መዛሙርት አንዱ አባ ገብረ ኢየሱስ ከጣና በስተምሥራቅ እንፍራዝ ሰብከው ደብረ ሳንን መሠረቱ። ከአብሳዲ ገዳም የስንት ቀን መንገድ ነው! አንድ ማዕከል ሳይኖራቸው ግን አንድ ነበሩ።

ዌበር የተናገረው ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1400 የዚሁ ማኅበር ገዳም የሆነው የደብረ ቢዘን አበምኔት አባ ፊልጶስ ለጉባኤ ተጠሩ፣ እምቢ አሉና ታሰሩ። በ1404 ዐፄ ዳዊት አስፈቷቸው፣ ተከታዮቹም ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ቅዳሜ የመላ አገሩ ሰንበት ሆነች። በምላሹ ኤዎስጣቴዎሳውያን ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። ደብረ ቢዘን ከንጉሡ መሬት አገኘ። ከገዢ ራቁ ያሉት የመምህሩ ልጆች ባለ ጉልት ሆኑ ማለት ነው። ዌበር ቢሰማ ፈገግ ይል ነበር።

እንግዲህ መድረሻውን አውቆታል፣ ሰዓቱን ግን ስቷል። ማኅበሩን ወደ ወንበር የመለሰው የመምህሩ ሞት አልነበረም፤ የጳጳሳቱ ተቃውሞ ማብቃት ነው። በመካከሉ አንድ መቶ ዓመት ያህል አለ።

የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ግን አጎቴ፣ ጸጋ እንደነበራቸው በምን አወቅህ?» አለች። ያዘችኝ! የምናውቀው ከገድላቸው ነው። በመጎናጸፊያቸው ላይ ሆነው ባሕሩን ተሻገሩ የሚለውም እዚያ ነው። ገድሉ የተጻፈው ደግሞ ከሞታቸው በኋላ፣ መምህሩን በዓይኑ ያላየ ትውልድ በተነሣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገድል ስታነቢ ከመምህሩ ቀጥሎ የሚወደሰው ማን እንደሆነ እይ። አብሳዲን ከፍ የሚያደርገው አንድ ወገን ነው፣ ከአርመን የተመለሱትን የሚያስቀድመው ሌላ። የመምህሩ ጸጋ የምንለው ከፊሉ የወራሾቹ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ጀልባው ሞላ። ተነሥታ፣ «ይህ ደብረ ሳን የምትለው በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በጣቴ ከሐይቁ ማዶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሳየኋት። የእኛ ጀልባ የሚሄደው በሌላው በኩል ነው።