የትኛው 17?

ክርክሩ የተነሳው ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ፣ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ፣ የዛፍ ጥላ ሥር ነው። ድሬ–ሐረር የሚሠራ ባለ ዶልፊን ያገለገለ ጎማ ገዝቶ ሊያስገጥም መጥቷል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጎኑም በቀለም ጥቁር ብሎ ያብረቀርቃል። ጎሚስታው ጎማውን አንከባሎ አየና «ዕድሜው ስንት ነው?» አለ።

«ቀን የለውም። ሻጩም አይቶ አጣ» አለ ባለ ዶልፊኑ። እውነቱን ነበር፤ እሱ ባየበት ጎን DOT የሚሉት ፊደላት አሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ጽሑፍ አለ፣ ከዚያ ያልቃል። ጎሚስታው ጎማውን ገለበጠው። በሌላው ጎን ያው ጽሑፍ ተደግሞ መጨረሻው ላይ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ 2317 የሚል ተገኘ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሙሉው ኮድ በሁለቱም ጎን እንዲታተም ግዴታ የለም፤ በአንዱ ጎን ብቻ መኖሩ የተለመደ ነው። ያ ጎን ወደ መኪናው ውስጥ ዞሮ የተገጠመ እንደሆነ ቆመው ቢያዩ አይገኝም። መሪውን አጥፎ ወይም መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከውስጥ በኩል በስልክ መብራት ማየት ያስፈልጋል። ደግሞ 195R15 የመሰለው ትልቅ ጽሑፍ የጎማው መጠን እንጂ ቀን አይደለም። የሚፈለጉት DOT ብሎ ከሚጀምረው መስመር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ናቸው።

ባለ ዶልፊኑ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ። «አቦ 17! የ2017 ነዋ። የዓምና ጎማ ነው፣ ገና አዲስ!»

ጎሚስታው ሳቀ። «ፋብሪካው የኛን ዘመን ቆጠራ ከየት ያውቃል? 23 ሳምንቱ ነው፣ 17 ደግሞ የፈረንጅ 2017።»

በፈረንጅ 2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የጁን ወር መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ በእኛ ከግንቦት 28 እስከ ሰኔ 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለወደፊቱም አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ሳምንቱ ከ1 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል፣ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ ዓመታችን ስለገባ 7 ይቀነሳል። ሳምንት ከ53 አያልፍምና፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከዚያ ከበለጡ የተነበበው ሌላ ቁጥር ነው። የኮዱ መጨረሻ ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከፈረንጅ 2000 በፊት የተሠራ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

በዚህ ስሌት የዓምናው ጎማ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ባለ ዶልፊኑ ግን አልተረታም። «ቢሆንስ? ጥርሱን እዩት። ስንጥቅ የለው፣ እብጠት የለው። የሚያልቀው በመሮጥ እንጂ በመቀመጥ ነው እንዴ?»

እስካሁን ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው መካኒክ መልሱን ከውስጥ ጀመረ። «አየሩን ምን ያህል ጥብቅ አድርገህ ብትሞላው ትንሽ ትንሹ በላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ሲሰርግ ኦክስጅኑ ከመርገጫው ሥር ያለውን፣ ሽቦውን የያዘውን ላስቲክ ያደርቀዋል። የሽቦው ዳርና ዳር መጀመሪያ ይለቃል። አንድ ቀን ፍጥነትና ጭነት ሲገናኙ መርገጫው እንዳለ ይገሸለጣል። ይህን ሁሉ ከውጭ አታየውም።»

«ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል» አለ ጎሚስታው። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ላስቲኩን የሚያደርቀው ሂደት እጥፍ ይፈጥናል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ስታልፍ የአስፋልቱ ሙቀት ከአየሩም ይብሳል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ሲሆን ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ሰው ጭኖ የደንገጎን ዳገት የሚወጣና የሚወርድ ዶልፊን ይህ ሁሉ አንድ ላይ ያገኘዋል።

ባለ ዶልፊኑ ቁርጡን ጠየቀ፤ «እሺ፣ ስንት ዓመት ነው ገደቡ?»

እዚህ ላይ ሁለቱ ባለሙያዎችም አልተስማሙ። መካኒኩ አንዳንድ መኪና አምራቾች ጥርሱ ምንም ቢሆን በስድስት ዓመት ቀይሩ እንደሚሉ ጠቅሶ እዚያው ላይ ረጋ። ጎሚስታው ግን «ጎማ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ አሥር ሲሞላ አውጡ ነው የሚሉት» አለ። ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ መጋዘን ያለ ነፋስ የተቀመጠ ጎማና ነፋስ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ እኩል አያረጁም ባይ ነው።

ባለ ዶልፊኑ መሃል መንገድ አገኘሁ ብሎ «በቃ፣ ከኋላ እናድርገው። ከፊት ነው የሚያሰጋው» አለ። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንግሊዝ አገር ከፈረንጅ 2021 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ፊት እግር ላይ ከልክላለች። መካኒኩ ይህን ያውቅ ኖሮ ቀሪውን ነገረው፤ ለሚኒባስ ሲሆን ክልከላው ነጠላ የሆነውን ጎማ ሁሉ፣ የኋላውንም ይጨምራል። አውቶቡስ ከኋላ ጥንድ ጎማ ስላለው አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይሸከማል። ዶልፊን ከኋላም በየጎኑ አንድ ብቻ ነው ያለው። የኋላው ሲገሸለጥ የመኪናው ቂጥ ይጠመዘዛል፤ ያንን በመሪ መመለስ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል።

በዚህ መሃል ጎሚስታው ጎማውን በሳሙና ውሃና በብሩሽ ፈገፈገው። ጥቁሩ ቀለም ሲለቅ መርገጫው ከጎኑ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ባለ ዶልፊኑ ዝም አለ። ስኮርታውም ይታይ ተባለና 0812 ተነበበ፤ የካቲት 2004 ዓ.ም. ማለት ነው። «እሱ እኮ መሬት ነክቶ አያውቅም!» አለ። መካኒኩ «እሱ ይብሳል» አለው። በላስቲኩ ውስጥ ያለው መከላከያ ሰም ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ ነውና፣ ከሥር ተንጠልጥሎ የከረመ ስኮርታ ነፋስ እንደተሞላ፣ ሰሙ ሳይወጣ ይደርቃል።

እኔ ፍርዴን ብሰጥ፣ ስለ ዓመት ገደቡ ጎሚስታው ይበልጥ ትክክል ነው። ስድስት ዓመት ላይ የሚፈነዳ ሰዓት የለም፤ አዲስ ገዝቶት፣ ነፋሱን እየጠበቀ የነዳው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ከቸርኬው አስወልቆ ውስጡን ጭምር እያስመረመረ እስከ አሥር ሊሄድ ይችላል። የዚህ ጎማ ታሪክ ግን አይታወቅም። ማን እንደነዳው፣ በጎደለ ነፋስ ስንት እንደሮጠ፣ የት እንደከረመ የሚናገር የለም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ያገለገለ ጎማ፣ ለዚያውም በድሬ ሙቀት ሰው ለሚጭን፣ የመካኒኩን ስድስት እወስዳለሁ። ስንጥቁ ባይታይም ይህ ጎማ ከፊትም ከኋላም አይገጠምም ነበር። ስኮርታውም ይቀየር፤ እስኪቀየር መንገድ ላይ ግድ ካለ ተሳፋሪ አውርዶ፣ በዝግታ፣ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ብቻ።

ባለ ዶልፊኑ ጎማውን ይዞ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ጎሚስታው ከኋላው ጮኾ ያስታወሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልዋጭ ከሰጠህ ከመክፈልህ በፊት ሁለቱንም ጎን ገልብጥ፣ አራቱ አሃዞች ተፍቀው ካገኘህ ደግሞ ዋጋውን እንኳ አትጠይቅ።