ማስተካከያ፦ በዴድ ሌተር ኪዩ ውስጥ ስላለ መልእክት የቆይታ ጊዜ

«የወደቀ መልእክት ዴድ ሌተር ኪዩ ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ 4 ቀን ይቆያል» የሚለው በሚከተለው ይታረም።

በአማዞን ኤስኪውኤስ መደበኛ ወረፋ ጊዜው የሚቆጠረው መልእክቱ መጀመሪያ ከተላከበት ሰዓት ማለትም ከ`SentTimestamp` ነው። ዋናው ወረፋ ላይ 3 ቀን የቆየ የክፍያ መልእክት ለምርመራ የሚቀረው 1 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ማንም ሳያየው ይጠፋል። ስለዚህ የዴድ ሌተር ኪዩውን `MessageRetentionPeriod` ወደ 1209600 ሴኮንድ፣ ማለትም 14 ቀን፣ ከፍ አድርጉ። ስታነቡም ቀድሞ ለተላከው ቅድሚያ ስጡ። የወደቀው በታይምአውት ከሆነ፣ ክፍያው ዳታቤዝ ውስጥ አለመመዝገቡን አረጋግጣችሁ እንደገና ላኩት። የጎደለ መረጃ ካለው አሟልታችሁ ላኩ። ክፍያው ቀድሞ ተመዝግቦ ከተገኘ ግን መልእክቱ ይሰረዝ፤ ደግሞ መላክ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል።

በፊፎ ወረፋ ብቻ መልእክቱ ወደ ዴድ ሌተር ኪዩ ሲዛወር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።