የላይኛው የቀኝ መንጋጋ

ደሴ ውስጥ «ጥርሴ ወልቆ አየሁ» ብሎ ሕልሙን የሚናገር ሰው «አመመህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «የቱ?» ነው። የላዩ ነው የታቹ? የቀኙ ነው የግራው? የፊት ጥርስ ነው መንጋጋ? ደም ነበረው? እጅህ ላይ ወደቀ ወይስ መሬት? እንዲህ አድርጎ የሚመረምር የጥርስ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ምርመራው የጠበቀው እያንዳንዱ ጥርስ ባለቤት ስላለው ነው። በኢብን ሲሪን ስም የሚጠሩት የሕልም ፍቺ መጻሕፍት የላይኞቹን ለወንዶቹና ለአባት ወገን፣ የታችኞቹን ለሴቶቹና ለእናት ወገን ያከፋፍላሉ። ከእነርሱ ብዙ ቀድሞ፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አርጤሚዶሮስ የሚባል የኤፌሶን ሰው ስለ ሕልም በጻፈው መጽሐፍ አፍ ቤት ነው፣ ጥርሶች ደግሞ ቤተሰብ ናቸው ብሎ ነበር፤ ቀኝ ወንዶች፣ ግራ ሴቶች፣ የፊቶቹ ወጣቶች፣ መንጋጋዎቹ ሽማግሌዎች። ሆጤ ቡና ላይ የሚቀመጡት እናቶች አርጤሚዶሮስን አያውቁትም፤ ቢያገኙት ግን አቦሉን ጀባ ብለው እስከ በረካ ያቆዩት ነበር።

እንግዲህ ሙጋድ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤታችን እንድሪስ አንድ ማለዳ የላይኛው የቀኝ መንጋጋው ወልቆ ማየቱን ተናገረ። ሂሳቡ ቡናው ሳይፈላ ተሠርቶ አለቀ። የላይኛው ስለሆነ የአባት ወገን ነው። ቀኝ ስለሆነ ወንድ ነው። መንጋጋ ስለሆነ ሽማግሌ ነው። ከእንድሪስ ዘመዶች ሦስቱንም የሚያሟላ ሰው አንድ ብቻ ተገኘ፤ ኮምቦልቻ ያሉት ትልቁ አጎቱ።

በዚያው ማለዳ አጎትየው ስልክ በስልክ ላይ ተደወለላቸው። በመጀመሪያ ሚስቱ ዘሃራ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አለች። ቀጥሎ እህቱ «ልብዎት ደህና ነው?» አለች። ከዚያ ለዓመታት ደውሎላቸው የማያውቅ የወንድማቸው ልጅ «እንዲያው ናፍቀውኝ ነው» ሲል ሽማግሌው ነቁ።

«ምን አይታችሁ ነው?» አሉ።

እውነቱ ተነገራቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የቱ ጥርስ ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ ወግ ያለው ሰው ናቸውና። የላይኛው የቀኝ መንጋጋ መሆኑን ሲሰሙ፣ «እኔ አፍ ውስጥ መንጋጋ የሚባል ከጠፋ ቆየ፤ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» ብለው ዘጉት። እዚህ ግን ነገሩ አልተዘጋም። የቅሬው ዳኛ፣ ከሕልሙ ጋር ባይገናኝም፣ ድንኳኑን የተዋሱት ሰዎች ቶሎ እንዲመልሱ አሳሰቡ።

አንዲት እናት መሀል ገብተው «ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ በደህና ፍቱለት» አሉ። ይህን አባባል የእኛ ብቻ አድርጌ እወስደው ነበር። የአይሁድ ታልሙድ ውስጥ ግን ባር ሄድያ የሚባል ሕልም ፈቺ አለ። ገንዘብ ለሰጠው በመልካም ይፈታል፣ ላልሰጠው በክፉ። አባዬ የሚባለው ሊቅ ከፈለው፣ ራባ የሚባለው አልከፈለውም። ታዲያ ራባ አንድ ቀን ብቻውን ሄዶ «ጥርሶቼና መንጋጋዎቼ ወልቀው አየሁ» ቢለው፣ «ወንዶችም ሴቶችም ልጆችህ ይሞታሉ» አለው። በኋላ የፈቺው መጽሐፍ ከእጁ ሲወድቅ ራባ አንስቶ ቢያነበው፣ «ሕልም ሁሉ አፍን ይከተላል» የሚል ተጽፎበታል። ረገመው። እኛ ሰፈር ፈቺዎቹ የሚቀበሉት ቡና ብቻ ስለሆነ ይመስገን። (ፍሮይድም የጥርስን ሕልም ፈትቶታል፤ ያያያዘበት ነገር ግን ሽማግሌ ባለበት ስለማይነገር ይለፈን።)

እኔን የገረመኝ ማንም እንድሪስን ራሱን አለመጠየቁ ነው። ሁሉም ሟች ሲፈልግ፣ ሕልም አይቶ ያደረው ሰው ያለበትን ሁኔታ ያየ አልነበረም። እንድሪስ የዕቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ወስዶ በጨርቅ ጨርሶታል፤ ጨርቁ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ነው። በየሳምንቱ የሚጥለው ገንዘብ ግን አልቀረለትም። እዚህ ላይ አርጤሚዶሮስ ከሰፈራችን ይሻላል፤ ባለዕዳ ሰው ጥርሱ ሲወልቅ ካየ ዕዳው ይከፈላል ማለት ነው ይላልና። ይህን ለእንድሪስ ስነግረው ፊቱ በራ። «ስንት ጥርስ ስንት ብር ነው?» አለኝ።

ከዚያ ዘሃራ ሌላ ነገር አመጣች። ሌሊት ሌሊት አልጋው አካባቢ የሚፋጭ ድምፅ ትሰማ ኖሯል። አይጥ መስሏት ወጥመድ አጥምዳ ነበር። አይጡ እንድሪስ ነው፤ ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል። ሲጠየቅ ሁሉም ወጣ። ጠዋት አገጩ ይደርቃል፣ አፉን በደንብ ለመክፈት ይቸገራል፣ ጆሮ ግንዱን ያመዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ ላይ ሲያኝክ ስለሚውል መንጋጋው ቀንም ሌሊትም ሥራ አይፈታም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሮዘን እና ሶፈር-ዱዴክ የሚባሉ ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች 210 ሰዎችን ስለዚሁ ጠይቀው ነበር። ጥርስ ሲወልቅ በሕልም ማየት አብሮ የተገኘው ሲነቁ ጥርስን፣ ድድን ወይም አገጭን ከሚሰማ መወጠር ጋር ነው። ከጭንቀት ጋር ግን አልተያያዘም፤ ከጭንቀት ጋር የሄዱት ሌሎቹ ሕልሞች ናቸው። ማለትም የተወጠረው መንጋጋ በእንቅልፍ ልብ ይደርስና ሕልሙ በጥርስ ታሪክ ይተረጉመዋል። ይህ ግምት ነው፤ ጥናቱ ሰዎቹ ስለራሳቸው የተናገሩትን አነጻጸረ እንጂ ሌሊት አፋቸውን አልለካም፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣም አያረጋግጥም። የአገጩ መወጠር ራሱ ከጭንቀት ጋር በመጠኑ መያያዙም ታይቷል። ስለዚህ ዕቁቡ ከደሙ ነጻ አልወጣም፤ በቀጥታ ሕልሙ ውስጥ ባይገባም በመንጋጋው በኩል ዞሮ ሊመጣ ይችላል።

እንድሪስ በመጨረሻ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መንጋጋዎቹ ጫፋቸው ተበልቶ ጠፍጣፋ መሆናቸውን፣ የምላሱም ጠርዝ በጥርሱ ተሸንሽኖ መታየቱን አሳየው። የላይኛው የቀኝ መንጋጋ በቦታው አለ፤ አልተነቃነቀም። ሌሊት ከላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ በልኩ ተሠራለት፤ ማፋጨቱን ባያስቆምም ጥርሱን ከመበላት ያድነዋል ተባለ። በርጫውንም እንዲቀንስ ተመከረ፤ እርሱ ግን የሰማው ስለ ፕላስቲኩ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን እንድሪስ ቡና ላይ መጥቶ፣ ያ ፕላስቲክ ከአፉ ወልቆ ሲወድቅ በሕልሙ ማየቱን ተናገረ። ለጊዜው ሁሉም ግራ ገባው፤ ኢብን ሲሪንም አርጤሚዶሮስም ስለ ፕላስቲክ ያሉት ነገር የለም። በኋላ ያችው እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ከድድ ያልበቀለ፣ ከውጭ የመጣ፣ ማታ ማታ ብቻ ቤት የሚገባ፤ ይሄማ አማች ነው» አሉ። ዘሃራ የሴት ልጇን ባል ቁጥር መፈለግ ጀመረች።