ብሬከሩ ለገመድ ነው እንጂ ለሰው አይደለም

«የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሻወር ማሞቂያችን ቧንቧውን ስንነካ ነዘር ያደርገናል። ግን ብሬከር አለን፤ ከባሰ ራሱ ይወርዳል አይደል?»

አይወርድም። ብሬከር የሚሠራው ገመዱ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። የሻወር ማሞቂያ ብሬከር ብዙ ጊዜ 32 አምፔር ነው። በእርጥብ ሰውነት ላይ 220 ቮልት ሲያርፍ የሚያልፈው 0.2 አምፔር ገደማ ነው። ይህ ልብ ለማቆም ይበቃል፤ ብሬከሩ ግን ነገሬም አይለው።

ሰው የሚያድነው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። መስመሩ 30 ሚሊአምፔር (0.03 አምፔር) ሲያፈስ በቅጽበት ያጠፋል። ነዘር ካለ ብዙ ጊዜ የኧርዝ ገመዱ የለም ወይም ተበጥሷል። ኤሌክትሪሺያን ሁለቱንም እስኪያይላችሁ ማሞቂያውን ከብሬከሩ አጥፉት። የደብረ ብርሃን ብርድ ይገባኛል፤ ለጊዜው ውሃ በድስት አሙቁ። የላስቲክ ጫማም አትመኑ፤ እጅ ቧንቧውን እንደያዘ ነው።

ኤሌክትሪክ ሰው ከያዘ ሰውየውን በባዶ እጅ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛል። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ ደረቅ ቦታ ቆማችሁ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ግፉት። ከተላቀቀ በኋላ አፈር ውስጥ መቅበር የሚሉትን ተዉ፤ ጊዜ ይበላል። የማይሰማና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ውሰዱት። የልብ ምቱ ኋላ ሊዛባ ይችላል።