ጥድፊያ ሁሉ ቁም ነገረኝነት አይደለም

ከተዋወቁ ወር ሳይሞላ «ሽማግሌ ልላክ» የሚል ወጣት ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ወዲያውኑ ቁም ነገረኛ ይባላል። እኔ ግን ቤተሰብ ከመደሰቱ በፊት ከዚያ ጥያቄ ቀደም ብሎ የሆነውን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

እንበልና ፔዳ ግቢ የምትማር አንዲት ወጣት ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቀች። ሰውየው ጠዋት ማታ ይደውላል፤ ሳትጠይቀው የሞባይል ጥቅል ይሞላላታል፤ ጣና ዳር ቡና ሲጠጡ «እንዳንቺ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላታል። ይህ ብቻውን አያስፈራም፤ አዲስ ፍቅር መቼም ማብዛት ይወዳል። የሚያሳስበው ስጦታው ወደ ዕዳ ሲለወጥ ነው። ጥቂት ቆይቶ «የት ነሽ?» የነበረው «ከማን ጋር ነሽ?» ይሆናል፤ ከዚያም «ቪዲዮ ክፈቺና አሳዪኝ» ይከተላል። ቤተ መጻሕፍት ሆና ስልክ ሳታነሳ የቀረች ዕለት «ያን ሁሉ ያደረግሁልሽ ለዚህ ነው?» የሚል መልእክት ይደርሳታል። አሳቢ ሰው ሲጠይቅ የተሰጠውን መልስ ያምናል፤ ተቆጣጣሪ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፣ መልሱ ካልጣመውም ይቀጣል።

ጠባዩ በደንብ የሚታየው ትንሽ እምቢታ ሲገጥመው ነው። «ዛሬ ፈተና አለብኝ፤ እሑድ እንገናኝ» ብትለው ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅሬታ ሰዋዊ ነው። ነገር ግን ለቀናት አኩርፎ ከቆየ በኋላ በስጦታና በይቅርታ ካጥለቀለቃት፣ ይህም እምቢ ባለች ቁጥር ከተደጋገመ፣ እምቢ ማለት የሚያስከፍል መሆኑን እያስተማራት ነው።

የሽምግልና ሥርዓታችን ራሱ ጥድፊያን አይወድም። ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲመጡ «እንመካከርበት» ተብለው በቀጠሮ ይመለሳሉ፤ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ትውልድ ዘር ይቆጠራል። ልቡ ቀና የሆነ ሰው ይህን ጊዜ ይታገሣል። ቸኳዩ ግን ቀጠሮውን እንደ ንቀት ይቆጥርና «ቤተሰብሽ ሊለያየን ነው» ይላል፤ አለዚያም ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ተከራይተው አብረው እንዲኖሩ ይወተውታታል።

አስቀድሞ የዛተ ወይም እጁን ያነሣ ሰው ግን በእምቢታ አይፈተንም። እንዲህ ዓይነት ሰው ያጋጠማት ሴት መለያየቷን ብቻዋን ሆና በአካል ከመንገር ይልቅ አስቀድማ ለምታምነው ሰው ብታሳውቅ፣ የዛቻ መልእክቶቹንም ሳታጠፋ ብታስቀምጥ ይሻላታል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። ይህ ፈቃድ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ በተቀመጠችበት አይጣራም። እናት ወይም ታላቅ እህት ለብቻዋ ወስዳ «ቀጠሮውን ብናራዝመው ምን ይልሻል?» ብትላት፣ ልጅቱ ስለ ሰውየው ቁጣ መጨነቅ ከጀመረች ለሽማግሌዎቹ ቁርጥ መልስ የሚሰጥበት ቀን ገና አልደረሰም።