ሰላም፣ ጠፋህ

የማላውቀው ቁጥር ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም «ሰላም» አለኝ። እኔም «ሰላም» አልኩ። ጸጥ።

ማታ ላይ «እንዴት ነሽ?» የሚል መጣ። ፎቶዬ አደይ አበባ ነው። «ወንድ ነኝ» አልኩ። ይቅርታው ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ማክሰኞ «ቤተሰብ ደህና?» ተባልኩ። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ግን «ደህና ናቸው» ብዬ መለስኩ። በዚህ ጊዜ ብር ሊበደሩኝ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። እንዲህ የተንከባከበኝ ሰው ሁሉ መጨረሻው ብድር ነውና ዝም አልኩ። ረቡዕ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ጠፋህ!»

ሐሙስ ማታ ጉዳዩ ወጣ። «ሒሳብ ታስጠናለህ ሲሉ ሰምቼ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ፈተናው ነገ ነው።»

ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ ጥፋቱ የጨዋነታቸው ነው። ሰዎች በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ልጆቹስ» እያልን እኩል እንዘንባለን። ማንም መልስ አይጠብቅም፤ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ስልክ ላይ ግን እያንዳንዷ «ደህና?» ኬላ ናት። መልስ ካላገኘች ጉዳዩ አያልፍም። ሰላምታውም ጉዳዩም በአንድ መልእክት ቢመጡ ኖሮ ልጁ አራት ቀን ያጠና ነበር።

ከሰላምታም የሚበጀው «ጤና ይስጥልኝ» ነው። ወንድ ሴት አይለይም። ጠዋት ተጽፎ ማታ ቢነበብም እንደ «እንደምን አደሩ» አይሻግትም። ከዚያ በ«እርስዎ» መቀጠል ነው፤ አበባ አያሳስትም። (ዘሎ «በሰዓት ስንት ነው?» የሚል ሰውም አለ። ለእሱ ዋጋ እጨምራለሁ።)

ስም ደግሞ ብቻውን ሰው አያስተዋውቅም። ተቀባዩ የሚፈልገው ቁጥሩን ማን እንደሰጠዎት ነው። የትውልድ ቦታና ያለፈ ሕመም ይቆይ።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧዬ ተበላሸና ተራው የእኔ ሆነ። አስተማሪ ነኝና ለባለሙያው አሳምሬ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እገሌ እባላለሁ። ቁጥርዎን የሰጡኝ አምና ሻወር የሠሩላቸው የገርጂዋ አክስቴ ናቸው። የኩሽናዬ ቧንቧ ከሥሩ ያፈሳል። ቅዳሜ ጠዋት መምጣት ይችላሉ? ካልተመቸዎት የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ።»

መጀመሪያ የጻፍኩት ከቧንቧው ነበር። አክስቴ መጨረሻ ላይ ነበሩ። አሰብኩና ወደ ፊት አመጣኋቸው፤ ሰው የማያውቀው ሰው ቧንቧ አያሳስበውም። «ካልተመቸዎት» የምትለዋንም የጨመርኩት ቅዳሜ ሥራ ቢኖርባቸው በዝምታ እንዳያልፉኝ ነው።

ላኩት። ሁለት ጭረት ሆነ፤ አንብበውታል። ወዲያው መልስ መጣ።

«ማን ልበል?»