ቀረጡ ኬላ ላይ፣ ሸክሙ ማሳ ላይ

«ቀረጡን ኬላ ላይ የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ታዲያ የኔ ከሰል ለምን ረከሰ?» ያሉኝ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል የሚያከስሉ አባት ናቸው።

አባቴ፣ ደረሰኙ ላይ የማን ስም እንዳለ ለውጥ አያመጣም። ሸክሙ የሚያርፈው ዋጋ ሲቀየር ዞር ማለት በማይችለው ሰው ላይ ነው። ዋጋ ሲቀየር ሰው ምን ያህል ዞር እንደሚል ነው ኢኮኖሚስቶች ኢላስቲሲቲ የሚሉት። የአዲስ አበባው ገዢ የአዊ ከሰል ሲወደድበት ከሌላ አካባቢ የመጣ ይገዛል፤ ካልሆነም ወደ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። እርስዎ ግን አራት አምስት ዓመት የጠበቁት ዛፍ ደርሷል። የማዳበሪያ ዕዳም አለ። ስለዚህ በቀነሰም ዋጋ ይሸጣሉ።

በምሳሌ እንየው። በሳምንት 1,000 ጆንያ በ500 ብር ይሸጣል እንበል። ዋጋው 1 ብር ሲጨምር ገዢዎች 4 ጆንያ ይቀንሳሉ። 1 ብር ሲወርድ ገበሬዎች የሚቀንሱት 1 ጆንያ ብቻ ነው። አሁን በጆንያ 50 ብር ቀረጥ ይጣል። ገዢው 510 ይከፍላል፣ ገበሬው እጅ 460 ይገባል። ከ50ው ብር 40ው ከገበሬው ኪስ ወጣ ማለት ነው። ነጋዴው መሀል ሆኖ አስተላለፈ እንጂ ብዙም አልተነካም።

በኬላው የሚያልፈው አሁን 960 ጆንያ ነው፤ 48,000 ብር ይሰበሰባል። የቀሩት 40 ጆንያዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከነሱ አንዱን ገዢው በ505 ሊወስደው፣ ገበሬው በ480 ሊሰጠው ፈቃደኛ ነበሩ እንበል። ከዚያ ሽያጭ 25 ብር ጥቅም ይገኝ ነበር። 25 ብር ግን 50 ብር ቀረጥ አይሸከምም፤ ስለዚህ ሽያጩ ቀረ። 40ውም ጆንያ በአማካይ እንደዚሁ 25 ብር ያጣል፤ በድምሩ 1,000 ብር። ይህን ብር ገዢውም፣ ገበሬውም፣ መንግሥትም አላገኙትም። ዴድዌይት ሎስ የሚባለው ይሄ ነው።

«ትንሽ ነው፣ ቀረጡን እጥፍ እናድርገው» የሚል አይጠፋም። 100 ብር ሲሆን 80 ጆንያ ይቀራል፣ ብክነቱም 4,000 ብር ይደርሳል። ቀረጡ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ሆነ። ገቢው ግን 92,000 ብር ነው፣ እጥፍ እንኳ አልሞላም።

ከሰሉ የተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ የመጣ ቢሆን ሐሳቤ ይለያል። ያኔ የቀረው ጆንያ የተረፈ ዛፍ ነው፤ ያ ጥቅም ከኪሳራው ላይ መቀነስ አለበት። ዲከረንስ ግን ገበሬው ራሱ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ መልሶ የሚተክለው ነው።

ገበሬውም ቢሆን ሁልጊዜ እንደታሰረ አይቆይም። ዛፉን ከቆረጠ በኋላ ማሳው ባዶ ነው፤ ጤፍ ዘርቶ በዚያው ሊቀጥል ይችላል። በምሳሌያችን እሱም እንደ ገዢው በ1 ብር 4 ጆንያ መቀነስ ከቻለ፣ 50ው ብር ቀረጥ 25 በ25 ይካፈላል። ለገበሬው ቀለለ። የሚቀረው ጆንያ ግን 100 ይሆናል፣ ብክነቱም 2,500 ብር። ኬላው በመጀመሪያው ዓመት የሚያየውን ገቢ ይዞ የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ ጽሕፈት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።